«በስሱ ቀቡ» ማለት ይብቃን፤ ስንት ጣት እንደሆነ እንነጋገር



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከእኛ ከሐኪሞች ስህተት ይጀምራል። ለችፌ (ብዙዎቻችሁ ኤግዚማ ወይም የቆዳ አለርጂ የምትሉት ነው) የስቴሮይድ ክሬም ስናዝ ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ «በቀን አንድ ጊዜ በስሱ ይቀባ» ብለን እንጽፋለን። ክኒን ሲሆን «አንድ ፍሬ» እንላለን፤ ሽሮፕ ሲሆን «አምስት ሚሊ» እንላለን። ክሬም ላይ ስንደርስ ግን ልኩን ለእናንተ ግምት ትተን እንሄዳለን። «በስሱ» ለአንዷ እናት ምስር የሚያህል ጠብታ ነው፤ ለሌላው ሰው ደግሞ እንደ ቫዝሊን እጅ ሙሉ ነው። ሁለቱም ያዘዝነውን እየፈጸሙ ይመስላቸዋል።

እኔ «በስሱ» የሚለው ቃል ከማዘዣ ወረቀት ይውጣ ባይ ነኝ። በምትኩ የጣት ቁጥር ይጻፍ። ምክንያቴን በአንድ ልጅ ታሪክ ላስረዳችሁ።

«ዶክተር፣ ይህ መድኃኒት አልሠራም»

ብርዱ በጠናበት በኅዳር ወር አንዲት እናት የ4 ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ ካለ ቀበሌ መጣች። ልጁ በሁለቱም ክርኖቹ መታጠፊያ፣ በሁለቱም ቋንጃዎቹ፣ በእጁ አንጓና በቁርጭምጭሚቱ ላይ ቆዳው ጠቁሮና ወፍሮ፣ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል። ሌሊት ሲያክ ያድራል፤ አንሶላው ላይ ደም ይገኛል። እናቱም እጁን ይዛ ስለምታድር እንቅልፍ አጥታለች።

ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ባለ 15 ግራም የቤታሜታዞን ክሬም አወጣች። «ዶክተር፣ ይህ መድኃኒት አልሠራም። አራት ወር ሙሉ ሳላቋርጥ ቀባሁት» አለችኝ።

ቲዩቡን ስይዘው ገና ትንሽ ቀርቶታል። «እስኪ ቤት እንደሚቀቡት አድርገው ያሳዩኝ» አልኳት። ጫፉን ጫን አድርጋ ሽንብራ የማታክል አወጣችና ለአራቱም እጅና እግር አካፈለችው። ለምን እንዲህ እንዳሳነሰችው ስጠይቃት፣ መድኃኒቱን ስትገዛ «ብዙ ከቀባሽ ቆዳውን ይበላዋል» ተብላ እንደነበር ነገረችኝ። ፈርታለች፤ የፈራችውም ለልጇ ስትል ነው።

ችግሩ መድኃኒቱ ላይ አልነበረም፤ ልጁ መድኃኒቱን አላገኘም። ምን ያህል እንዳላገኘ በቁጥር ለማሳየት መጀመሪያ መለኪያውን ላስተዋውቃችሁ።

መለኪያው እጃችሁ ላይ ነው

እኛ ጨርቅ በክንድ፣ ገመድ በስንዝር ስንለካ የኖርን ሕዝብ ነን። ስለዚህ ይህ መለኪያ አይከብደንም። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ አገር አጠገብ ባለችው በዌልስ፣ ካርዲፍ ከተማ፣ ሎንግ እና ፊንሌይ የተባሉ ሁለት የቆዳ ሐኪሞች ክሬምን በጣት ጫፍ የመለካት ዘዴ አወጡ። ዛሬ በመላው ዓለም የቆዳ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሌባ ጣታችሁን ዘርጉ። ከጣቱ ጫፍ በታች የመጀመሪያውን መታጠፊያ መስመር ታያላችሁ። ከዚያ መስመር ጀምራችሁ እስከ ጣታችሁ ጫፍ ድረስ ክሬሙን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ጭመቁት። ይህ «አንድ ጣት» ነው። ክብደቱ ግማሽ ግራም ገደማ ይሆናል። የሴት ጣት አጠር ስለሚል ጥቂት ያንሳል፤ ይህ ግን የሚያሳስብ ልዩነት አይደለም።

አንድ ጣት ክሬም ምን ያህል ቆዳ ይሸፍናል? ጣቶቻችሁን ገጥማችሁ መዳፋችሁን ከነጣቶቻችሁ ቆዳ ላይ አስተኙት። አንድ ጣት ክሬም እንዲህ ያለ ሁለት እጅ የሚያህል ቆዳ ይበቃዋል። ስለዚህ ይህን ብቻ ያዙ፦ አራት እጅ የሚያህል ቁስል ሁለት ጣት ክሬም ይፈልጋል፤ ይህም አንድ ግራም ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ልጅ ስትቀቡ የምትለኩት በአዋቂ ጣትና በአዋቂ እጅ ነው፤ በልጁ ጣት አይደለም። ሁለተኛ፣ ልኩ የሚሠራው የቲዩቡ አፍ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው ነው። አብዛኛው ቲዩብ እንዲሁ ነው። አፉ በጣም ቀጭን የሆነ ቲዩብ ከገጠማችሁ የሚወጣው መስመር እንደ ክር ስለሚሆን አንዱን ጣት አንድ ብላችሁ አትቁጠሩት፤ የመድኃኒት ባለሙያውን ጠይቁ። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ፣ ባለ 15 ግራም ቲዩብ 30 ጣት ገደማ ሊወጣው ይገባል።

የልጁን ሒሳብ አብረን እንሥራው

እናቱን የራሷን እጅ በልጁ ቁስል ላይ እያስተኛች እንድትቆጥር ጠየቅኳት። የሁለቱ ክርኖች መታጠፊያና የሁለቱ እጆች አንጓ ተደምረው ሁለት እጅ ሆኑ። ሁለቱ ቋንጃዎችና ቁርጭምጭሚቶቹ ተደምረው ሌላ ሁለት እጅ ሆኑ። በጠቅላላው አራት እጅ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው በቀን አንድ ጊዜ ሁለት ጣት፣ ማለትም አንድ ግራም ነው።

በቀን አንድ ግራም ከሆነ፣ 15 ግራሙ ቲዩብ በሁለት ሳምንት ግድም ማለቅ ነበረበት። እሷ ግን አራት ወር፣ ማለትም 120 ቀን ያህል አቆየችው። 15 ግራም ለ120 ቀን ሲካፈል በቀን የአንድ ግራም አንድ ስምንተኛ ይደርሳል። በጣት ሲለካ ሩብ ጣት መሆኑ ነው። ልጁ በየቀኑ ያገኘው ከሚያስፈልገው ስምንት እጅ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ የሚገርመውን ተመልከቱ። እናቲቱ ስቴሮይድ እንዳይበዛበት ፈርታ አሳነሰችው። ነገር ግን ስላነሰ ቁስሉ አልዳነም፤ ስላልዳነም አራት ወር ሙሉ ሳታቋርጥ ቀባችው። ሐኪሞች ከምንም በላይ የምንጠነቀቀው ደግሞ ይህን፣ ስቴሮይድን ያለማቋረጥ ለረጅም ጊዜ መቀባትን ነው። በሚገባው ልክ ቢቀባ ኖሮ በአንድና በሁለት ሳምንት ድኖ ይቆም ነበር። ጥቂት በጥቂቱ ለወራት ከመቀባት፣ በቂውን ለጥቂት ቀን ቀብቶ ማቆም ለቆዳው ይሻላል።

ያኑ ክሬም በየማታው ሁለት ጣት አድርጋ እንድትቀባና በአሥረኛው ቀን እንድትመለስ ነገርኳት። ስትመለስ ሽካራው ለስልሷል፤ ልጁም ሌሊት መተኛት ጀምሯል። የተቀየረው ልኩ ብቻ ነበር።

ሰፋ ላለ ቦታ ስንት ጣት?

ችፌው በጥቂት ቦታ ከሆነ ከላይ ባየነው መንገድ በእጅ ለኩት። አንድን የአካል ክፍል ሙሉ በሙሉ ከሸፈነ ግን የሚከተለውን ያዙ።

ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆነ ልጅ፦
• አንድ ክንድ ከነእጁ፦ 2 ጣት
• አንድ እግር ከነውስጥ እግሩ፦ 3 ጣት
• ደረትና ሆድ፦ 3 ጣት
• ጀርባ ከነመቀመጫው፦ 3 ጣት ተኩል

ለአዋቂ፦
• አንድ እጅ (መዳፍና የእጅ ጀርባ)፦ 1 ጣት
• አንድ ክንድ፦ 3 ጣት
• አንድ እግር፦ 6 ጣት፤ ለእግር መዳፍና ጀርባው ተጨማሪ 2 ጣት
• ደረትና ሆድ 7፣ ጀርባ 7 ጣት

ለምሳሌ ልብስ ስታጥብና ሽንኩርት ስትልጥ የምትውል እናት ሁለቱም እጆቿ በችፌ ተሰነጣጥቀዋል እንበል። የሚያስፈልጋት በቀን ሁለት ጣት፣ አንድ ለቀኝ አንድ ለግራ ነው። እንዲሁም ሁለቱም እግሮቹ ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት የታመሙበት አዋቂ 12 ጣት፣ ማለትም 6 ግራም በቀን ያስፈልገዋል። 15 ግራም ቲዩብ ለእሱ ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም። ሐኪሙ ለእንዲህ ያለ ሰው አንድ ቲዩብ ብቻ ሲሰጠው አልታዘዘለትም ማለት ይቻላል። ቲዩቡ ቶሎ ሲያልቅባችሁ «አበዛሁት» ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ጣቱን ቁጠሩ።

ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነን ሕፃን ግን ሐኪም ሳያየውና ልኩን ሳይነግራችሁ በራሳችሁ አትቀቡ። የሕፃን ቆዳ ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ስለሆነ መድኃኒቱ ወደ ሰውነቱ በቀላሉ ይገባል።

አቀባቡ

በቀን አንድ ጊዜ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ማታ፣ ልጁ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በጣታችሁ ላይ ያለውን ክሬም በቁስሉ ላይ በየቦታው ነጥብ ነጥብ አድርጉት፤ ከዚያ ጠጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አዳርሱት። አትሹት። ቆዳው ለጥቂት ጊዜ ወዝ ብሎ ከታየ ልክ ነው። በደረቀና በሻከረ ቦታ ላይ እንጂ ጤነኛ ቆዳ ላይ አትቀቡ። ስትጨርሱ፣ የታመመው የራሳችሁ እጅ ካልሆነ፣ እጃችሁን ታጠቡ።

ስቴሮይዱ ቁጣውን ያበርዳል እንጂ ድርቀቱን አያስወግድም። ድርቀቱን የሚከላከለው ሽታ የሌለው ቫዝሊን ነው። በእኛ ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ብርድና ደረቅ አየር ቆዳን ያደርቃልና ቫዝሊን በቀን ሁለት ጊዜ፣ መላ ሰውነት ላይ፣ ችፌው በሌለበት ጊዜም ይቀባ። ለቫዝሊን የጣት ልክ የለውም፤ በደንብ ይቀባ። ስቴሮይዱንና ቫዝሊኑን ግን አንድ ላይ አትለውሱ፤ ልኩ ይጠፋል። በመካከላቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። የልብስ ሳሙና ለልጁ ገላ አትጠቀሙ፤ ውኃውም ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይሁን።

መቼ ይቁም?

በመጻሕፍት ላይ ችፌ «ቀይ» ነው ተብሎ ይጻፋል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ መሳይ ሆኖ፣ አንዳንዴም እንደ አሸዋ የፈሰሰ ሽፍታ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በዓይን ሳይሆን በጣት ዳስሱት። ሽካራው ለስልሶ፣ ማሳከኩ ካቆመ ችፌው በርዷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ስቴሮይዱን አቁሙ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። በሁለት ሳምንት ካልበረደ ቀኑን አታራዝሙ፤ ተመልሳችሁ ኑ።

ከበረደ በኋላ ግን ቦታው ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ወላጆች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ጠባሳው እስኪጠፋ እንቀባለን ይላሉ። ይህ ቀለም የቁጣው አሻራ ነው፤ ቆዳው ከለሰለሰ በጊዜ ብዛት ይመለሳል። ክሬሙ አያጠፋውም፤ ከዚህ አልፎ መቀባት ቆዳውን ያሳሳዋል።

ችፌው በየወሩ እየተመለሰ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች፣ ከበረደ በኋላ በሚያገረሽበት ቦታ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ለምሳሌ ቅዳሜና እሁድ፣ እየቀቡ መከላከል ይቻላል። ይህን ግን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ አድርጉት።

የጣት ልክ የማይነግራችሁ ነገር

ጣት የክሬሙን ብዛት እንጂ ጉልበቱን አይለካም። ስቴሮይዶች እኩል አይደሉም። 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ደካማው ነው፤ ፊት ላይ ለጥቂት ቀን መጠቀም የሚቻለው እሱን ነው። ከላይ ልጁ የተጠቀመበት ቤታሜታዞን ኃይለኛ ነው፤ ለክንድና ለእግር እንጂ ለፊት አይሆንም። ክሎቤታዞል ከሁሉም የበረታው ነው፤ እንደ መዳፍ ላለ ወፍራም ቆዳ፣ ለአዋቂ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። አንድ ጣት ክሎቤታዞል ከአንድ ጣት ሃይድሮኮርቲዞን ጋር ፈጽሞ አይተካከልም። ስለዚህ ለአንዱ ልጅ የታዘዘውን ለታናሹ ወይም ለጎረቤት ልጅ አታውሱ።

እናትየዋ የሰማችው «ቆዳውን ይበላዋል» የሚለው ማስጠንቀቂያም ከባዶ የመጣ አይደለም። ፊት ለማቅላት ተብለው ከሚሸጡ ቅባቶች ውስጥ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። እነሱን ለወራት ፊታቸው ላይ የቀቡ ሴቶች ቆዳቸው ሳስቶ፣ ደም ሥሩ ወጥቶ፣ ብጉር ሞልቶት ይመጣሉ፤ ሲያቆሙም ፊታቸው ይቃጠላል። ብብትና ጭን ላይ ሲበዛ እንደ እርግዝና ሸንተረር ያለ መስመር ያወጣል፤ እሱም አይጠፋም። በዓይን ቆብ ላይ ሲዘወተር የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው ጉልበቱ፣ ቦታውና የጊዜው ርዝመት ሲሳሳት ነው። በክርን መታጠፊያ ላይ ለአሥር ቀን ሁለት ጣት መቀባት ከዚህ ጋር አንድ ተደርጎ መፈራት የለበትም።

ችፌ ካልሆነስ?

በልክ ቢቀባም ስቴሮይድ የማይሠራባቸው፣ እንዲያውም የሚያብስባቸው በሽታዎች አሉ።

እከክ አንዱ ነው። በክልላችን ከ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጋር ተያይዞ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ማሳከኩ ሌሊት ከባሰ፣ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ከወጣ፣ ከቤተሰቡ ሌላ ሰውም ካከከ እከክን ጠርጥሩ። ስቴሮይድ ማሳከኩን ለጥቂት ቀን ያስታግስና ተባዩ እንዲራባ ጊዜ ይሰጠዋል። መላው ቤተሰብ በአንድ ቀን መታከም አለበት።

ጭርት ሌላው ነው። ክብ ሆኖ፣ ዳሩ ከፍ ብሎ መሐሉ የጠራ ከሆነ ፈንገስ ነው። ስቴሮይድ ሲቀባበት ማሳከኩ ቀንሶ ክቡ እየሰፋ ይሄዳል። «ለሁሉም ይሆናል» ተብለው ሦስት ዓይነት መድኃኒት ተቀላቅሎባቸው የሚሸጡ ክሬሞችን የማልወዳቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ በውስጣቸው ስቴሮይድ ስላለ በሽታውን ይደብቁታል።

ቁስሉ ቢጫ ቅርፊት ከያዘ ወይም መግል ከቋጠረ ከመቀባታችሁ በፊት ለሐኪም አሳዩ። ልጁ ትኩሳት ይዞት፣ ችፌው ላይ የሚያም፣ ውኃ የቋጠረ ወይም በመርፌ እንደተበሳ ያለ ሽፍታ በአንድ ጊዜ ከወጣበት ለነገ አትበሉት፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይድረስ።

ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። «በስሱ» ከማለት «ማታ ሁለት ጣት፣ ክርንና ቋንጃ ላይ፣ ለአሥር ቀን» ብሎ መጻፍ የሚወስደው ጊዜ ተመሳሳይ ነው። መጻፍ ብቻ ሳይሆን በታካሚው ጣት ላይ አንዴ ጨምቆ ማሳየት ደግሞ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችም ይደርሳል።

እናንተም ክሬም ሲታዘዝላችሁ ይህን ሳትጠይቁ አትውጡ፦ ስንት ጣት? የት የት? ስንት ቀን? መልሱን ቲዩቡ ካርቶን ላይ አጽፉት። ሐኪሙ ቢቸኩል እንኳ እጃችሁን ቁስሉ ላይ አስተኝታችሁ «አራት እጅ ነው፣ ሁለት ጣት ላድርግ?» ብትሉት መልስ ይሰጣችኋል።

ቤታችሁ ውስጥ «አልሠራም» ተብሎ የተቀመጠ ቲዩብ ካለ፣ ከመጣላችሁ በፊት መቼ እንደተገዛና ምን ያህል እንደቀረው እዩ፤ የመጠቀሚያ ጊዜው አለማለፉንም አረጋግጡ። ይዛችሁት ወደ ሐኪም ስትሄዱ ስንት ጣት ትቀቡ እንደነበር ንገሩት።